የላቦራቶሪ ወረቀቱ ሲደርስ፦ በቀይ ሸክላ አፈር ላይ የሚያርፍ ፉቲንግን የመሸከም አቅምና የመስመጥ መጠን ማስላት

የአፈር ምርመራ ሪፖርት የደረሰው የስትራክቸር መሐንዲስ አብዛኛውን ጊዜ ወረቀቱን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምረዋል፤ የሚፈልገው በዚያ ገጽ የተጻፈውን «የሚፈቀድ የመሸከም አቅም» ብቻ ስለሆነ ነው። ነገር ግን ያ አንድ ቁጥር ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ ጠቅልሎ ይዟል። አንደኛው አፈሩ ተቆርጦ ፉቲንጉ ይወድቃል ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ፉቲንጉ ሳይወድቅ ምን ያህል ይሰምጣል የሚል ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመልሰው ስሌት ትንሽ ስህተትን ይችላል። ሁለተኛው ግን ከኢዶሜትር ሙከራ በሚነበብ አንድ ቁጥር ላይ የተንጠለጠለ በመሆኑ፣ ያ ቁጥር በስህተት ሲነበብ መልሱ ከሁለት ሴንቲ ሜትር ተኩል ተነሥቶ እስከ አሥራ ስምንት ሴንቲ ሜትር ገደማ ሊደርስ ይችላል። ይህ መመሪያ ሁለቱንም ስሌቶች ከላቦራቶሪው ውጤት ተነሥቶ ያሳያል፤ ሰፊውን ቦታ የሚሰጠው ግን ለሁለተኛው ነው።

የምሳሌው ቦታና አፈር

ምሳሌያችን ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወስደው አካባቢ በሚገኝ ቦታ ላይ የሚሠራ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ነው እንበል። ቁጥሮቹ ለስሌቱ የተዘጋጁ ቢሆኑም፣ እሳተ ገሞራ ዐለት በስብሶ የተወውን ቀይ ሸክላ አፈር ጠባይ የተከተሉ ናቸው። በከተማው ደቡብና ምሥራቅ ወገን በብዛት የሚገኘው ጥቁር አፈር ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ ሲደርቅ የሚሰነጠቅ ስለሆነ፣ እዚህ የሚቀርበው ስሌት ብቻውን ለእርሱ አይበቃም።

በመሐል ከተማ አንድ ተጨማሪ ችግር አለ። ቦታው ብዙ ጊዜ ቤት ፈርሶበት እንደገና የተሠራበት በመሆኑ፣ ከላይ ያለው አንድ ወይም ሁለት ሜትር የድሮ ፍርስራሽ፣ የተደፋ አፈር፣ አንዳንዴም የተደፈነ የሽንት ቤት ጉድጓድ ሊሆን ይችላል። ላቦራቶሪው የመረመረው ናሙና ስለዚህ ምንም አይናገርም። በምሳሌያችን የፉቲንጉ ግርጌ 2.0 ሜትር ጥልቀት ላይ ያርፋል፤ ከዚያ በታች እስከ 6.0 ሜትር ድረስ ያልተነካ ቀይ ቡናማ ሸክላ አለ፤ ከ6.0 ሜትር በታች ደግሞ የበሰበሰ ዐለት ይገኛል። የክረምቱ የከርሰ ምድር ውሃ እስከ 2.0 ሜትር ይወጣል ብለን እንወስዳለን። ቁፋሮው በበጋ ተካሂዶ «ውሃ አልተገኘም» ተብሎ ቢጻፍም፣ ስሌቱ የሚሠራው በነሐሴ ለሚኖረው ሁኔታ ነው።

ላቦራቶሪው የሰጠው የእርጥበት መጠን 36 በመቶ፣ የፈሳሽነት ወሰን 62፣ የፕላስቲክነት ወሰን 34፣ የቅንጣቶቹ አንጻራዊ ክብደት 2.75 ነው። ከነዚህ ውስጥ ወዲያው የሚጠቅሙን ሁለት ነገሮች ናቸው። በመጀመሪያ፣ የእርጥበቱ መጠን ለፕላስቲክነት ወሰኑ በጣም የቀረበ ስለሆነ አፈሩ ጠንካራ መሆን አለበት፤ ይህን ወደ ኋላ የሌሎቹን ሙከራዎች እውነተኛነት ለመፈተን እንጠቀምበታለን። ሁለተኛ፣ ከውሃ በታች ያለው አፈር በውሃ የተሞላ ስለሆነ የክፍተት ምጥጥኑን (በአፈሩ ውስጥ ያለው ክፍተት ከጠጣሩ ጋር ያለው ንጽጽር) እና ክብደቱን ራሳችን ማስላት እንችላለን።

```
e0   = w × Gs = 0.36 × 2.75 = 0.99
γsat = 9.81 × (2.75 + 0.99) / (1 + 0.99) = 18.4 kN/m³
```

በሪፖርቱ የተጻፈው የክፍተት ምጥጥን ከዚህ በጣም ከራቀ፣ ወይ ናሙናው በመንገድ ደርቋል ወይ ክብደቱ በትክክል አልተመዘነም ማለት ነው። ከ2.0 ሜትር በላይ ላለው አፈር 17.5 ኪሎ ኒውተን በኪዩቢክ ሜትር እንወስዳለን።

የመጀመሪያው እርምጃ፦ የሸር ጥንካሬን መምረጥ

ሸክላ አፈር ላይ ጭነት ሲያርፍ በውስጡ ያለው ውሃ ቶሎ ሊወጣ ስለማይችል፣ አደገኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ግንባታው ተጠናቆ ውሃው ገና ያልወጣበት ወቅት ነው። ስለዚህ ለመሸከም አቅም የሚያስፈልገን ውሃው ሳይወጣ የተለካው የሸር ጥንካሬ ነው። ይህን የምናገኘው ናሙናው ከጎን ሳይደገፍ ከላይ ብቻ ከሚጫንበት ሙከራ ወይም ውሃው ታፍኖ ከሚካሄድ የትራያክሲያል ሙከራ ነው። ጎኑ ባልተደገፈው ሙከራ የሸር ጥንካሬው ናሙናው የተሸነፈበት ጫና ግማሽ ነው።

እዚህ ላይ ቶሎ ብሎ ከማጠቃለያው ሠንጠረዥ ቁጥር መውሰድ አይገባም፤ የእያንዳንዱን ናሙና የሙከራ ወረቀት ማየት ያስፈልጋል። ከ3.5 ሜትር የወጣውን ናሙና እንውሰድ። ዲያሜትሩ 38፣ ቁመቱ 76 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከፍተኛው ጭነት 152 ኒውተን የተመዘገበው ናሙናው 4.1 ሚሊ ሜትር ባጠረ ጊዜ ነው። ናሙናው ሲያጥር ወገቡ ስለሚሰፋ ጭነቱ የሚካፈለው ለሰፋው ስፋት እንጂ ለመጀመሪያው አይደለም።

```
ε  = 4.1 / 76 = 0.054
A  = 1134 / (1 − 0.054) = 1199 mm²
qu = 152 / 1199 = 0.127 N/mm² = 127 kPa
cu = 127 / 2 ≈ 63 kPa
```

ማስተካከያው ቢዘለል ጫናው 134 ኪሎ ፓስካል ይሆን ነበር። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ናሙናው 15 በመቶ አጥሮ በሚሸነፍበት ጊዜ በዚያው ልክ ያድጋል።

ሌሎቹ ሁለት ናሙናዎች ከ2.5 ሜትር የወጣው 75፣ ከ4.5 ሜትር የወጣው ደግሞ 29 ኪሎ ፓስካል ሰጥተዋል። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ማካፈል 56 ይሰጣል፤ ብዙ ሰውም እንዲህ ያደርጋል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው 29 የሰጠው ናሙና እንዴት እንደተሸነፈ ነው። ግራፉ ጫፍ ሳያወጣ ቀስ እያለ ወደ ላይ የሚሄድና በ15 በመቶ ላይ የተቋረጠ ከሆነ፣ ናሙናው በአወጣጥ ጊዜ ተነክቷል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ መተው ይገባዋል። ከሙከራው በኋላ በተነሣው ፎቶ ላይ ቀድሞ በነበረ አንጸባራቂና ለስላሳ ስንጥቅ ላይ ተንሸራቶ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ስንጥቁ የአፈሩ እውነተኛ ጠባይ ሊሆን ስለሚችል ተጨማሪ ናሙና መፈተሽ አለበት። በምሳሌያችን የመጀመሪያው ሁኔታ ሆኖ ተገኝቷል፤ ከዚያው ጥልቀት በድጋሚ የተደረገ የትራያክሲያል ሙከራም 62 ሰጥቷል። እንግዲህ 75፣ 63 እና 62 አሉን። ከፉቲንጉ በታች እስከ ፉቲንጉ ስፋት ያህል ጥልቀት ያለውን አፈር እንዲወክል፣ ጥቂት ዝቅ አድርገን 60 ኪሎ ፓስካል እንወስዳለን።

ሁለተኛው እርምጃ፦ የመሸከም አቅም

ለሸክላ አፈር ስኬምፕተን በ1951 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ቀመር እስከ ዛሬ ምቹ ነው፤ የፉቲንጉን ቅርፅና ጥልቀት በአንድ ላይ ያስገባልና። ፉቲንጉ 2.5 በ2.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 2.0 ሜትር ነው።

```
Nc = 5 × (1 + 0.2 D/B) × (1 + 0.2 B/L)
   = 5 × 1.16 × 1.20 = 6.96
q_net,ult = cu × Nc = 60 × 6.96 = 418 kPa
q_net,all = 418 / 3 = 139 kPa
```

ይህ የተጣራ ጫና ነው፤ ማለትም ቀድሞ በዚያ ጥልቀት ከነበረው የአፈር ክብደት በላይ ሊጨመር የሚችለው ብቻ ነው። የሪፖርቱ ቁጥር የተጣራ ይሁን አይሁን ካልተጻፈ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ሁለቱ በምሳሌያችን በ35 ኪሎ ፓስካል ይለያያሉና። የጥልቀት ጉዳይም እንዲሁ ነው። ሕንፃው ቤዝመንት ካለው፣ በቀመሩ የሚገባው ጥልቀት ከቤዝመንቱ ወለል እስከ ፉቲንጉ ግርጌ ያለው እንጂ ከመንገዱ ደረጃ የሚለካው አይደለም።

በአውሮፓ ደንብ ላይ የተመሠረተው የሀገራችን የመሠረት ደንብ በአንድ የደኅንነት አካፋይ ፋንታ ጭነቱንና የአፈሩን ጥንካሬ ለየብቻ የሚያሻሽሉ አካፋዮችን ይጠቀማል፤ ለምሳሌ በአንደኛው ጥምረት ይህ የሸር ጥንካሬ በ1.4 ይካፈላል። እዚህ 3 የወሰድሁት ስሌቱ በግልጽ እንዲታይ ነው፤ ለማጽደቂያ የሚቀርበው ሥራ በደንቡ መንገድ መቅረብ አለበት።

አሁን ጭነቱን እናስገባ። ከዓምዱ የሚወርደው አካፋይ ያልተጨመረበት የአገልግሎት ጭነት 800 ኪሎ ኒውተን ነው። ለስፋቱ ሲካፈል 128 ኪሎ ፓስካል ይሆናል፤ 0.6 ሜትር ውፍረት ያለው ኮንክሪት በቦታው ከነበረው አፈር ስለሚከብድ 4 ያህል እንጨምርበታለን። 132 ከ139 በታች ነው፤ ፉቲንጉ አይወድቅም። በሶፍትዌር ከተሠራ ሞዴል ጭነት ሲወሰድ በስህተት በ1.35 እና በ1.5 የተባዛው እንዳይመጣ መጠንቀቅ ይገባል፤ በተለይ ለሚቀጥለው ስሌት።

ሦስተኛው እርምጃ፦ አፈሩ አሁን የተሸከመውና የሚጨመርበት ጫና

ለመስመጥ ስሌት ከግርጌው በታች ያለውን 4 ሜትር ሸክላ አንድ አንድ ሜትር ውፍረት ባላቸው አራት ንብርብሮች እንከፍላለን። በእያንዳንዱ መሐል ሁለት ነገሮች ያስፈልጉናል፦ ከግንባታው በፊት የአፈሩ ቅንጣቶች የተሸከሙት ጫና፣ ማለትም ኢፌክቲቭ ስትረስ፣ እና ፉቲንጉ የሚጨምረው ጫና። የመጀመሪያው በ2.0 ሜትር ላይ 35 ኪሎ ፓስካል ሲሆን፣ ከዚያ በታች የውሃው ግፊት ስለሚቀነስ በየሜትሩ የሚጨምረው 8.6 ብቻ ነው። ሁለተኛውን ለማግኘት ጭነቱ ወደ ታች በሁለት ሜትር በየጎኑ አንድ ሜትር እየሰፋ ይሄዳል የሚለውን ቀላል ዘዴ እንጠቀማለን። የፉቲንጉ ጠቅላላ የተጣራ ጭነት 132 × 6.25 = 825 ኪሎ ኒውተን ነው።

```
Δσ = 825 / (2.5 + z)²

z (m)   σ'0 (kPa)   Δσ (kPa)   σ'0+Δσ (kPa)
0.5       39.3        91.7        131.0
1.5       47.9        51.6         99.5
2.5       56.5        33.0         89.5
3.5       65.1        22.9         88.0
```

ንብርብሮቹን በአንድ ባለ 4 ሜትር ክፍል መተካት ጊዜ የሚቆጥብ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሁሉ በላይ የሚጨመቀው የላይኛው አንድ ሜትር ስለሆነ መልሱ ያንሳል።

አራተኛው እርምጃ፦ የቀድሞው ከፍተኛ ጫና

ሥራው ሁሉ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። በኢዶሜትር ሙከራ ውስጥ የታሰረ ቀጭን ናሙና በየ24 ሰዓቱ በእጥፍ እያደገ በሚሄድ ጫና ይጨመቃል፤ ውጤቱም ጫናው በሎጋሪዝም ሚዛን፣ የክፍተት ምጥጥኑ በተራ ሚዛን ሆኖ በግራፍ ይሣላል። መስመሩ መጀመሪያ ላይ በጥቂቱ ያዘነብላል፤ ከአንድ ጫና በኋላ ግን ታጥፎ በኃይል ይወርዳል። ያ መታጠፊያ የቀድሞው ከፍተኛ ጫና ይባላል። ስያሜው አፈሩ ከዚህ በፊት ያን ያህል ተጭኖ እንደነበር ይናገራል፤ በቀይ አፈራችን ግን ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የነበረ ክብደት ሳይሆን ዐለቱ ሲበሰብስ በቅንጣቶቹ መካከል የቀረው ትስስር ነው። ለስሌቱ ሁለቱ በአንድ ዓይነት ይሠራሉ፤ ልዩነቱ ትስስሩ በንዝረት የሚሰበር መሆኑ ነው።

መታጠፊያውን ለማግኘት በግራፉ ላይ ከሁሉ በላይ የሚጎብጠውን ነጥብ እንመርጣለን። ከዚያ ነጥብ አንድ አግድም መስመርና አንድ ታካኪ መስመር እንሥላለን፤ በመካከላቸው ያለውን አንግል እኩል የሚከፍል ሦስተኛ መስመርም እንጨምራለን። የግራፉን ቀጥ ያለ የታችኛ ክፍል ወደ ላይ ስናራዝመው ይህን ሦስተኛ መስመር የሚያቋርጥበት ቦታ የምንፈልገው ጫና ነው። ሙከራው በ400 ኪሎ ፓስካል የቆመ ከሆነ ቀጥ ያለው ክፍል በደንብ ስለማይታይ፣ ሲታዘዝ ቢያንስ እስከ 800 እንዲደርስ መጠየቅ ይሻላል። ከ3.5 ሜትር በወጣው ናሙናችን 180 ኪሎ ፓስካል ተነቧል።

ሁለቱ ዝንባሌዎችም ከዚሁ ወረቀት ይወጣሉ። ከመታጠፊያው በኋላ ያለውን ከ400 ወደ 800፣ ከመታጠፊያው በፊት ያለውን ደግሞ ናሙናው ከ400 ወደ 100 ጫናው ተቀንሶለት መልሶ ባበጠበት ክፍል እንለካለን። የግራፉን የመጀመሪያ ክፍል ለዚህ መጠቀም ስህተት ነው፤ ናሙናው ሲወጣና ሲቆረጥ የደረሰበት ጉዳት ዝንባሌውን ያጋንነዋልና።

```
Cc = (0.840 − 0.750) / log(800/400) = 0.30
Cr = (0.867 − 0.840) / log(400/100) = 0.045
```

ከመታጠፊያው በፊትና በኋላ ያለው ልዩነት ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል።

ቁጥሩን ከመቀበላችን በፊት በሁለት መንገድ እንፈትነው። አንደኛ፣ ናሙናው መሬት ውስጥ ወደነበረው ጫና ሲመለስ የክፍተት ምጥጥኑ ከ0.99 ወደ 0.965 ወርዷል፤ መውረዱ ለመጀመሪያው ሲካፈል 0.025 ይሆናል። ይህን በመሰለ አፈር ከ0.05 ካለፈ ናሙናው ተጎድቷል ብዬ እጠረጥራለሁ። ሁለተኛው ፈተና ከሸር ጥንካሬው ጋር ማስተያየት ነው። ከዛሬው ጫናው በላይ ጥንካሬ የሌለው ተራ ሸክላ ከተሸከመው ኢፌክቲቭ ስትረስ ሩብ ያህል የሸር ጥንካሬ ነው የሚኖረው፤ በ3.5 ሜትር 12 ኪሎ ፓስካል ማለት ነው። የእኛ አፈር ግን 60 አለው፤ የእርጥበቱም መጠን ለፕላስቲክነት ወሰኑ የቀረበ ነው። እንዲህ ያለ አፈር ዛሬ ከተሸከመው ብዙ እጥፍ በላይ የሆነ መታጠፊያ ሊኖረው ይገባል። የኢዶሜትር ወረቀቱ 50 ወይም 80 ቢል ሁለቱ ሙከራዎች እርስ በርሳቸው ይቃረናሉ፤ መጀመሪያ የሚጠረጠረውም የኢዶሜትሩ ናሙና ነው።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። በአንድ ሥራ ላይ ቱቦዎቹ ጫፋቸው በሰም ሳይታሸግ በፒካፕ ኋላ ተጭነው በኮብልስቶን መንገድ ተጉዘው፣ ከዚያም ለቀናት መጋዘን ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ግራፉ መታጠፊያ የሌለው ለስላሳ ቅስት ሆኖ መጣ፤ እኔም ግራፉን ሳልጠይቅ ስሌቴን ሠርቼ ወደ ማት ፋውንዴሽን ልሄድ ጥቂት ነበር የቀረኝ።

አምስተኛው እርምጃ፦ የመስመጡ መጠን

በሠንጠረዡ የመጨረሻ ዓምድ ያሉት ጫናዎች ሁሉ ከ180 በታች ስለሆኑ የሚሠራው ትንሹ ዝንባሌ ብቻ ነው። ለላይኛው ንብርብር፦

```
s = H × Cr / (1 + e0) × log((σ'0 + Δσ) / σ'0)
  = 1000 × 0.045 / 1.99 × log(131.0 / 39.3) = 11.8 mm
```

የቀሩት ሦስቱ 7.2፣ 4.5 እና 3.0 ሚሊ ሜትር ይሰጣሉ፤ ድምሩ 26.5 ነው። የመጨረሻው ጫና መታጠፊያውን ሲያልፍ ግን ቀመሩ ለሁለት ይከፈላል፤ እስከ መታጠፊያው በትንሹ፣ ከዚያ በላይ በትልቁ ዝንባሌ ይሰላል። አፈሩንና ጭነቱን ሳንነካ መታጠፊያውን ብቻ ብንለዋውጥ የሚገኘው ይህ ነው፦

```
σ'p (kPa)              s (mm)
180                      26
110                      36
80                       78
σ'p ሳይታይ፣ Cc ብቻ         177
```

በመጨረሻው መስመር ያለው በተግባር የሚታይ ስህተት ነው፤ ቀመሩን ከመማሪያ መጽሐፍ የመጀመሪያ ገጽ ብቻ የወሰደ ሰው ሳያስፈልግ መሠረቱን ያስቀይራል። በአንጻሩ እውነተኛው መታጠፊያ 80 ሆኖ ሳለ 180 ብሎ የሚያነብ ሰው የመሸከም አቅሙ አልፎለት ሕንፃውን ያሰነጥቃል።

ውሃው ሳይወጣ ገና ሲጫን የሚከሰተው መስመጥስ? የአፈሩን ጥንካሬ በ400 አባዝተን 24,000 ኪሎ ፓስካል የመለጠጥ መጠን ብንገምት፣ ወደ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይመጣል። ይሁንና በጠንካራ ሸክላ ይህን በ26.5 ላይ መደመር ማጋነን ይሆናል፤ የኢዶሜትሩ ውጤት በእንዲህ ያለ አፈር በ0.6 ያህል ሊባዛ የሚገባው ስለሆነ፣ 16 እና 8 ተደምረው እንደገና ወደ 25 ገደማ ይመልሱናል። ስለዚህ 26.5ን እንደ ጠቅላላ መስመጥ መውሰድ ይበቃል፤ ለተናጠል ፉቲንግ ዘወትር ከሚፈቀደው 50 ሚሊ ሜትርም በታች ነው።

ስድስተኛው እርምጃ፦ ከጎረቤቱ ፉቲንግ ጋር ማስተያየት

የብሎኬት ግድግዳን የሚሰነጥቀው አጠቃላዩ መስመጥ ሳይሆን በሁለት ዓምዶች መካከል ያለው ልዩነት ነው። በ5 ሜትር ርቀት 450 ኪሎ ኒውተን የሚያወርድ የዳር ዓምድ አለ እንበል፤ ፉቲንጉ 1.9 በ1.9 ሜትር ሆኖ ጫናው 129 ይሆናል፣ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ማለት ይቻላል። ብዙ ሰው ጫናው እኩል ከሆነ መስመጡም እኩል ይሆናል ብሎ ያምናል። ነገር ግን ትልቁ ፉቲንግ ጫናውን ጠለቅ አድርጎ ስለሚያወርድ ሁልጊዜ ይበልጥ ይሰምጣል። ያንኑ ስሌት ስንደግም የዳሩ ፉቲንግ 22.6 ሚሊ ሜትር ይሰምጣል፤ ልዩነቱ 4 ሚሊ ሜትር ወይም የርቀቱ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሃምሳኛ ነው። ስንጥቅ እንዳይፈጠር ዘወትር የሚወሰደው ወሰን አንድ አምስት መቶኛ ስለሆነ ችግር የለም።

መታጠፊያው 80 ቢሆን ኖሮ ግን ሁለቱ 78 እና 52 ሚሊ ሜትር ሰምጠው ልዩነቱ 26 ይሆን ነበር፤ ይህም ወደ አንድ ሁለት መቶኛ ስለሚደርስ ግድግዳው በእርግጥ ይሰነጠቃል። የመሸከም አቅሙ ግን በሁለቱም ሁኔታ ያው 139 ነው።

ጊዜውን በአጭሩ እናስላ። 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ናሙና ከላይም ከታችም ውሃ እያወጣ 90 በመቶውን መጨመቅ በ12 ደቂቃ ከጨረሰ፣ የመሬቱ 4 ሜትር ንብርብርም በሁለት ወገን ውሃ የሚያወጣ ከሆነ፦

```
cv  = 0.848 × 10² / 12 = 7.1 mm²/min ≈ 3.7 m²/year
t90 = 0.848 × 2² / 3.7 ≈ 0.9 year
```

ይህ ማለት አብዛኛው መስመጥ ገና ግንባታው ሳያልቅ ይጠናቀቃል ማለት ነው። የበሰበሰው ዐለት ውሃ የማያሳልፍ ቢሆን ግን ርቀቱ በእጥፍ ስለሚያድግ ጊዜው አራት እጥፍ ይሆናል፤ ከልስን በኋላ የሚመጡ ስንጥቆች አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ቁፋሮው ሲከፈት

ስሌቱ 60 ኪሎ ፓስካል ያለው አፈር ከፉቲንጉ ግርጌ አለ ብሎ ያምናል፤ ይህ በቦታው መረጋገጥ አለበት። በኪስ ፔኔትሮሜትር የግርጌውን አምስት ስድስት ቦታ መውጋት ጥቂት ደቂቃ ብቻ ይወስዳል። መሣሪያው በኪሎ ግራም በካሬ ሴንቲ ሜትር የሚያሳየው ጎኑ ያልተደገፈ ናሙና የሚሸነፍበትን ጫና ስለሆነ፣ የእኛ 60 በመሣሪያው 1.2 ገደማ ሆኖ ይነበባል። በሐምሌ የተከፈተ ጉድጓድ ሊን ኮንክሪት ሳይፈስበት ካደረ ላይኛው ሽፋን ጭቃ ይሆንና 0.4 ወይም 0.5 ይነበባል። ያን ጊዜ ለስላሳውን እስከ ጠንካራው ድረስ ጠርጎ አውጥቶ በዚያው ቀን ሊን ኮንክሪት ማፍሰስ ይበቃል። ሠላሳ ሴንቲ ሜትር ተጠርጎም ንባቡ ከ1.0 በታች ከሆነ ግን ያ የዝናብ ጉዳይ አይደለም፤ የተደፋ አፈር ወይም የድሮ ጉድጓድ ላይ ስለሆንን ቁፋሮው ቆሞ ንብርብሩ እስኪታወቅ ድረስ ብረት አይዘረጋም።